ስላይዱ ሲዘዋወር ምን አብሮት ይሄዳል? የአንዲት ተማሪ ሌሊት

(ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ ተስተካክሎ የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ታቀርባላችሁ። ዛሬ ማታ ስላይዳችሁን ከፍታችሁ «ቅደም ተከተሉ ልክ አይደለም» የሚል ስሜት ይመጣባችኋል። ያኔ ምን ታደርጋላችሁ?

ብዙ መምህራን «በመጨረሻው ሌሊት ምንም እንዳትነኩ» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በዚያ ሌሊት ቢነካ የሚጠቅም ነገር አለ፤ ከተነካ ደግሞ ጠዋት የሚያዋርድ አለ። ሁለቱን ለመለየት የአንዲት ተማሪን ሌሊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልንገራችሁ። ታሪኩን እንድናገረው ራሷ ፈቅዳልኛለች። ስሟንና የተማረችበትን ቦታ ግን እተወዋለሁ።

ተማሪዋ ሚድዋይፍ ናት። ጤና ጣቢያ ስትሠራ ቆይታ ለማስተርስ ተመልሳ ገባች። የሴሚናር ርዕሷ የቅድመ ወሊድ ክትትል ነበር። የራሷን መረጃ አልሰበሰበችም። በእ.ኤ.አ. 2016 እና 2019 የተካሄዱትን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ወስዳ ነው የሠራችው። የተሰጣት 15 ደቂቃ ለማቅረቢያ፣ 10 ደቂቃ ለጥያቄ ነው። የምታቀርበው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ስላይዶቿ 27 ነበሩ። የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ለእናንተ በአማርኛ መልሼ ነው የምነግራችሁ።

ልብ በሉ፣ ሥራዋን በደንብ ታውቀዋለች። ነፍሰ ጡር እናት ፊት ቁጭ ብላ ደም ግፊት የለካች ሰው ናት። ይዘቱ ላይ ችግር አልነበረባትም። ችግሯ ሌላ ነው። ከማታው 2 ሰዓት ላይ ለልምምድ ስትቆም፣ አንዱን ስላይድ ጨርሳ ቀጣዩ ምን እንደሆነ ይጠፋባታል። ቁልፉን ትጫናለች፣ ስላይዱን ታየዋለች፣ ከዚያ ማንበብ ትጀምራለች። ልቧ ይመታል፣ ድምጿ ይቀጥናል። «ፈርቼ ነው የሚጠፋኝ» ብላ ደመደመች።

እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። የፈራችው ስለሚጠፋባት ነው። የሚጠፋባት ደግሞ ስላይዶቹ በሐሳብ ስላልተያያዙ ነው። አንድ ነገር ቀጥሎ የሚመጣበት ምክንያት ካለው አእምሮ ይይዘዋል። ምክንያት ከሌለው መሸምደድ ይጠይቃል። ሽምደዳ ደግሞ ልብ ሲመታ መጀመሪያ የሚበን ነገር ነው።

አሁን ወደ ዶርሟ እንግባ። አብራት የምትኖር የአካውንቲንግ ተማሪ አለች። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ልምምዱን ትሰማለች። ተማሪዋ ስለ ዓለም አቀፍ ሁኔታ አወራች፣ ስለ አፍሪካ አወራች፣ ስለ ኢትዮጵያ አወራች። ከዚያ ዓላማ፣ ከዚያ የመረጃ ምንጭ፣ ከዚያ የናሙና አወጣጥ። ወደ ዘጠነኛው ደቂቃ ገደማ ጓደኛዋ አላስቻላትም።

«አንቺ፣ ቆይ ግን፣ ምንድን ነው ያገኘሽው?»

ተማሪዋም ሳታስብ መለሰች። «እናቶች ይመጣሉ፤ ግን ዘግይተው ነው የሚመጡት፣ መጥተውም አይመላለሱም።»

«ታዲያ ይሄን ለምን አልነገርሽኝም?»

ውጤቱ ያለው 15ኛው ስላይድ ላይ ነበር። ከ15 ደቂቃ ውስጥ ከግማሽ በላዩ ሲያልቅ ገና አልደረሰችም። ማሻሻያው የተጀመረው ከዚህች ጥያቄ ነው። እኔም ተማሪዎች ሲያማክሩኝ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ስላይዱን ዝጉና በአንድ ትንፋሽ ያገኛችሁትን ንገሩኝ እላለሁ። ያ ዓረፍተ ነገር ስላይዱ ውስጥ ስንተኛው ላይ እንዳለ ቁጠሩ። ከአምስተኛው በኋላ ከሆነ የሚዘዋወር ነገር አለ ማለት ነው።

ኮምፒውተሯ ላይ ማዘዋወር ጀመረች። ፓወርፖይንት ውስጥ Slide Sorter የሚባል ማሳያ አለ፤ ስላይዶቹን ሁሉ በትንንሹ አሰልፎ ያሳያል፣ በማውስ እየጎተቱ ቦታ መቀየር ይቻላል። ጥሩ ነገር ነው። ግን አንድ ችግር አለው። ፊደሉ ስለማይነበብ፣ ሰው ስላይዱን የሚያዘዋውረው በመልኩ ነው። ሥዕል ያለውን ወደ ፊት፣ ጽሑፍ የበዛበትን ወደ ኋላ ያደርጋል። እሷም ይህንኑ ስታደርግ መብራት ሄደ። የላፕቶፗ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ ያለ ቻርጀር አይሠራም። ጥቁር ሆነ።

ብዙ አልጠፋባትም። ፕሮግራሙ ሌላ ትእዛዝ ካልሰጡት በየ10 ደቂቃው ለማገገሚያ የሚሆን ቅጂ ያስቀምጣል። ዋናው ነገር እሱ አይደለም። መብራት እስኪመጣ በስልኳ ብርሃን ወረቀት ቆርጣ፣ የስላይዶቹን ርዕስ አንድ በአንድ ጻፈች። ለጓደኛዋ ደግሞ አልጋው ላይ ደረደረችላት። የተጻፈው እንዲህ ነው። ባክግራውንድ። ባክግራውንድ የቀጠለ። ባክግራውንድ የቀጠለ። ዓላማ። ሜቶድ። ሜቶድ የቀጠለ። ሪዘልት። ሪዘልት የቀጠለ።

ሁለቱም ዝም አሉ። የሚደረደር ነገር አልነበረም። «ሪዘልት የቀጠለ» ከ«ሪዘልት የቀጠለ» በፊት ይምጣ ወይስ በኋላ? ወረቀቶቹ ምንም አይሉም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ጉዳይ ይሄ ስለሆነ ነው። ስላይድን በሐሳብ ማዘዋወር የሚቻለው እያንዳንዱ ስላይድ የሚለው ነገር ሲኖረው ነው። አንድ ስላይድ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሊል ይገባል፤ ባለቤትና ግስ ያለው። ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ማይክል አሊ ይህንን ዘዴ በኢንጂነሪንግና በሳይንስ ተማሪዎች ዘንድ አስፋፍተውታል። ርዕሱ ላይ የምትሉትን በዓረፍተ ነገር ትጽፋላችሁ፣ ከሥሩ ማስረጃውን በሥዕል ወይም በግራፍ ታደርጋላችሁ። ነጥብ በነጥብ የሚደረደር ጽሑፍ አይኖርም። ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ድካም አይደለም። ተማሪዋ ለእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ የፈጀባት መብራቱ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ነው።

አንዳንዱ ወረቀት ወዲያው ዓረፍተ ነገር ወጣለት። «ሪዘልት» የሚለው እንዲህ ሆነ፦ «ከ100 እናቶች 74ቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ መጥተዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የመጡት ግን 28 ናቸው።» ይህ የ2019 ቁጥር ነው። አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተመላለሱት 43 ናቸው። ሦስቱ ቁጥሮች ቀድሞ በሦስት ስላይድ፣ በሦስት ሰንጠረዥ ተበትነው ነበር። አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን ታሪኩ በራሱ ይወጣል። 74፣ 43፣ 28። ሦስት ዘንግ ያለው አንድ ግራፍ ይበቃዋል።

«ባክግራውንድ የቀጠለ» የሚለው ሁለተኛው ደግሞ ይህን ሆነ፦ «የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ክትትል ከ12ኛው ሳምንት ሳያልፍ እንዲጀመር ይመክራል።» ይህ የ2016ቱ መመሪያ ነው። በዚያው መመሪያ ቀድሞ አራት የነበረው የክትትል ብዛት ወደ ስምንት ከፍ ብሏል።

ሌሎቹ ወረቀቶች ግን ዓረፍተ ነገር አልወጣላቸውም። ስለ ዓለም አቀፍ የእናቶች ጤና የሚያወራው ስላይድ ለምን እንዳለ ልትናገር አልቻለችም። የይዘት ማውጫውም እንዲሁ። ዓረፍተ ነገር እምቢ ያለው ስላይድ ወደ ኋላ ይሄዳል። አልሰረዘችውም፤ ከመጨረሻው ስላይድ በኋላ አድርጋ Hide Slide በሚለው ደበቀችው። የተደበቀ ስላይድ ስታቀርቡ አይታይም፣ ፋይሉ ውስጥ ግን አለ። ይህን ያዙልኝ፤ ጠዋት ይጠቅማታል።

መብራቱ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገችው ፋይሉን በሌላ ስም ማስቀመጥ ነው። የድሮው እንዳለ ቀረ። ከዚያ እንዲህ አዘዋወረችው። ከርዕሱ ቀጥሎ ሦስቱን ቁጥሮች የያዘው ግራፍ መጣ። ከዚያ «ለምን በጊዜ መምጣት ያስፈልጋል» የሚለው፤ እርግዝናው ስንት ሳምንት እንደሆነ በትክክል ለማወቅ፣ የደም ማነስን፣ ኤችአይቪንና ቂጥኝን በጊዜ ለይቶ ለማከም። ከዚያ መረጃው ከየት እንደመጣ፣ በአንድ ስላይድ። ከዚያ የ2016 እና የ2019 ንጽጽር። ከዚያ ዘግይተው የሚመጡት እነማን እንደሆኑ። ከዚያ የጥናቱ ገደብና ምክረ ሐሳቡ። የሚታዩት ጥቂት ብቻ ሆኑ።

እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ ጠዋት ይወድቅባት ነበር። ስላይድ ማዘዋወር ችግኝ እንደማዛወር ነው፤ ሥሩ ከቆየበት አፈር ጋር ተያይዟል። ስትነቅሉት የሚበጠስ ነገር አለ። ግራፉን ይዛ ስትመጣ የተበጠሰውን ያገኘችው አሁንም ጓደኛዋ ናት። አዲሱ ሁለተኛ ስላይድ ሲቀርብላት እንዲህ አለች።

«ከ100 የምን እናቶች? እኔን ጨምሮ ነው?»

ጥያቄው ትክክል ነው። 74 በመቶ የተባለው ከሁሉም ሴቶች አይደለም። ጥናቱ ከመካሄዱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት ውስጥ በሕይወት የተወለደ ልጅ ካገኙ ሴቶች ነው። ይህ ማብራሪያ በድሮው ቅደም ተከተል 10ኛው ስላይድ ላይ ነበር፣ ከውጤቱ በፊት። ውጤቱ ወደ ሁለተኛ ሲመጣ ማብራሪያው ኋላ ቀረ። ቁጥሩ ባለቤት አጣ። ውጤት ወደ ፊት ስታመጡ በጣም የሚደጋገመው ስብራት ይሄ ነው። መቶኛው ይጓዛል፣ ከስንት ተሰልቶ እንደሆነ የሚናገረው ግን አይከተለውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ከግራፉ ሥር አንድ መስመር። «ባለፉት 5 ዓመታት ከወለዱ ሴቶች።» እሷም ጻፈችው።

ሌሎችም ተገኙ። በፊደላት ያሳጠረችው ስም አለ፤ የተብራራው አራተኛው ላይ ነው፣ አሁን ግን ቀድሞ ሁለተኛው ላይ ይመጣል። «ከላይ እንዳየነው» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከላይ የነበረው አሁን ከታች ነው። 2016ን በሰማያዊ፣ 2019ን በአረንጓዴ ታሳይ ነበር፤ የቀለሙ መግለጫ ግን በተደበቀው ስላይድ ላይ ቀርቷል። እነዚህን ለማግኘት አንድ መንገድ ብቻ አውቃለሁ። ከመጀመሪያው ጀምራችሁ በእያንዳንዱ ስላይድ ላይ «እዚህ የደረሰ ሰው እስካሁን ምን ነግሬዋለሁ?» ብላችሁ መጠየቅ ነው። ያልነገራችሁትን ነገር ስላይዱ የሚጠቀም ከሆነ ተበጥሷል። ኮምፒውተሩ ይህን አይነግራችሁም። የስላይድ ቁጥሩን ራሱ ያስተካክላል፤ «ስላይድ 12ን ይመልከቱ» ብላችሁ በእጃችሁ የጻፋችሁትን ግን እንዳለ ይተወዋል።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ከዚህ ሁሉ የከፋው ነው። ሲያዩት ስህተት ስለማይመስል ነው የከፋው።

ተማሪዋ አንድ የምትወደው ስላይድ አላት። በጤና ተቋም የተካሄዱ ወሊዶች በ2016 26 በመቶ ነበሩ፣ በ2019 48 በመቶ ሆኑ። ትልቅ ለውጥ ነው። የክትትሉም ቁጥር ከ62 ወደ 74 ከፍ ብሏል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አደረገቻቸው። አማረ። ሁለት ወደ ላይ የሚወጣ ግራፍ፣ ተከታትሎ። ለጓደኛዋ አቀረበች።

ጓደኛዋም «እሺ፣ ክትትል ስለጨመረ ነው ተቋም መውለድ የጨመረው ማለት ነው» አለች።

ተማሪዋ ይህን አላለችም። በአፏም አልወጣም፣ በስላይዱም አልተጻፈም። ግን ተባለ። ያለው ቅደም ተከተሉ ነው። ሰው ሁለት ነገር ተከታትሎ ካየ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ምክንያት ያደርገዋል። እሷ በእጇ ያለው መረጃ ደግሞ ይህን ማለት አይችልም። በአንድ ወቅት የተጠየቁ ሴቶች መልስ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች አብረው የጨመሩት በሌላ ነገር ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ተቋም ስለተቀራረበ፣ አምቡላንስ ስለተገኘ፣ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስለምትሄድ። እሷ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ጤና ጣቢያ ሆና አይታዋለች።

ስለዚህ ቅደም ተከተል ራሱ ንግግር ነው እላለሁ። ስላይድ ስታዘዋውሩ አንዳንዴ አዲስ ድምዳሜ እየጻፋችሁ ነው፣ ሳታውቁት። በቀን ብርሃን ከአማካሪያችሁ ጋር ያልተስማማችሁበት ድምዳሜ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ በማውስ ይገባል። ፈታኝ ደግሞ መጀመሪያ የሚይዘው እሱን ነው። ይህን ለመለየት በሁለት ስላይዶች መካከል የምትሉትን ማገናኛ ቃል ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። «ስለዚህ» ካላችሁ መረጃችሁ ይህን ይሸከም እንደሆነ ጠይቁ። «በተጨማሪም» ብቻ ከሆነ ግንኙነታቸው ልል ነው፤ አንደኛው ላያስፈልግ ይችላል። «ግን» ካላችሁ ብዙ ጊዜ ጥሩ ቦታ ላይ ናችሁ፤ የሚሰማው ሰው ምን እንደሚከተል ማወቅ ይፈልጋል።

እሷ የተቋም ወሊዱን ስላይድ ከዚያ ቦታ አነሳችው። ርዕሷ ክትትል እንጂ ወሊድ አይደለም። ወደ ተደበቁት ጨመረችው፤ የሚታዩት ዘጠኝ ብቻ ሆኑ። በጣም ትወደው ስለነበር ቅር አላት። እኔ ግን ያቺን ሌሊት ካደረገችው ሁሉ ይሄኛው ትክክለኛው ውሳኔ ነው እላለሁ።

ያልነካችውንም ልናገር። አዲስ ቁጥር አልጨመረችም። አዲስ ስሌት አልሠራችም። አዲስ የተሠራው ግራፍ አንድ ብቻ ነው፤ ሦስቱን ዘንግ ከነበሩት ሰንጠረዦች ነው የወሰደችው፣ እሱንም ከሪፖርቱ ጋር ቁጥር በቁጥር አመሳከረችው። ቀለምና ፎንት አልለወጠችም። ከዚያ ውጭ ያደረገችው አራት ነገር ነው፤ ማዘዋወር፣ መደበቅ፣ ርዕሱን በዓረፍተ ነገር መጻፍ፣ የተበጠሰውን መጠገን። በዚያ ሌሊት ከዚህ ያለፈ ነገር ሁሉ ማመሳከሪያ ጊዜ የለውም። አንድ ሰው አይቶት የማያውቅ ቁጥር ከሌሊት 6 ሰዓት በኋላ ስላይድ ላይ መግባት የለበትም።

ልምምዱስ? እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። የድሮውን ቅደም ተከተል ለሳምንት ተለማምዳዋለች። አፏ የድሮውን ለምዷል። ስላይዱ ተቀይሮ አፍ ካልተቀየረ፣ ጠዋት አንደኛውን ስላይድ ጨርሳ «ዓለም አቀፍ ሁኔታውን ስናይ» ማለቷ አይቀርም። ሁሉንም እንደገና ለመለማመድ ደግሞ ጊዜም ጉልበትም የለም። ስለዚህ መጋጠሚያዎቹን ብቻ ተለማመደች። የእያንዳንዱን ስላይድ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገርና የሚቀጥለውን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር። ዘጠኝ ስላይድ ስምንት መጋጠሚያ አለው። መሐሉን ታውቀዋለች፤ ሥራዋ ነው። «74ቱ መጥተዋል፣ በጊዜ የመጡት ግን 28 ናቸው። በጊዜ መምጣት ምን ይጠቅማል?» ብላ ቁልፉን ትጫናለች። ጥያቄው ቀጣዩን ስላይድ ይጠራዋል። ስላይዱ ከመምጣቱ በፊት ምን እንደሚመጣ ታውቃለች ማለት ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ የጠፋባት ይሄው ነበር።

ሌሊት 6 ሰዓት ላይ አቆመች። ጠዋት ቀደም ብላ አዳራሹ ሄዳ የአዳራሹን ኮምፒውተር ሞከረችው። አንድ ስላይድ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ አላት። ፊደሉ የተጻፈው ኒያላ በሚባለው ፎንት ነው። ይህ ፎንት በዊንዶውስ 10 ላይ አብሮ አይጫንም፤ ለብቻው መጨመር አለበት። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ፊደሉ በሌላ ፎንት ይተካና መስመሩ ይዛባል። በድሮው ዓይነት የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ የላቲን ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ይወጣል። እሷ ማታውኑ ከ File፣ Options፣ Save ገብታ Embed fonts in the file የሚለውን መርጣለች። ፒዲኤፍም አዘጋጅታለች። ሁለቱንም በፍላሽም ይዛለች፣ ለራሷም በቴሌግራም ልካለች፤ የአዳራሽ ኮምፒውተር ላይ የተሰካ ፍላሽ በቫይረስ ሾርትከት ብቻ ሆኖ ሲቀር ሁላችሁም አይታችኋል።

አቀረበች። እጇ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ነግራኛለች፤ ፍርሃቱ አልሄደም። ግን አንድም ቦታ ቆማ ስላይዱን አላነበበችም። 13 ደቂቃ አካባቢ ፈጀባት።

ከዚያ ጥያቄ መጣ። አንዱ ፈታኝ የ2016 እና የ2019 ንጽጽር እንዲመለስ ጠየቁ። «በሦስት ዓመት ውስጥ ከ62 ወደ 74 ሄደ እያልሽ ነው። ሁለቱ ጥናቶች የሚያዩት ጊዜ አይደራረብም?»

ከባድ ጥያቄ ነው፣ ትክክለኛም ነው። ሁለቱም ጥናቶች ወደ ኋላ አምስት ዓመት ነው የሚጠይቁት። የ2016ቱ ከ2011 ገደማ ጀምሮ የተወለዱትን ይይዛል፤ የ2019ኙ ከ2014 ገደማ ጀምሮ። መሐል ላይ ያሉት ዓመታት በሁለቱም ውስጥ አሉ። ስለዚህ ልዩነቱ «ሦስት ዓመት ያመጣው ለውጥ» ተብሎ እንዲሁ አይነገርም። በዚያ ላይ የ2019ኙ አነስ ያለ ጥናት ነው። በ2016 15,683 ሴቶች ተጠይቀዋል፤ በ2019 8,885።

የናሙና አወጣጡ ስላይድ ከተደበቁት አንዱ ነበር፤ 14ኛው ላይ። በማቅረቢያ ላይ እያላችሁ የስላይዱን ቁጥር ጽፋችሁ Enter ስትጫኑ የተደበቀም ቢሆን ይመጣል። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፋ ይዛ ነበር። 14 ብላ ተጫነች፤ መጣ። ከዚያ መለሰች። ሁለቱም ጥናቶች አገሪቱን እንዲወክሉ የተነደፉ መሆናቸውን፣ ናሙናው ሲያንስ የግምቱ ስፋት እንደሚጨምር፣ ስለዚህ በአገር ደረጃ ያለውን ልዩነት እንደምትቀበለው፣ በትንንሽ ክፍሎች ላይ ያለውን ግን በጥንቃቄ እንደምታየው። መደራረቡን በተመለከተ ደግሞ ፈታኙ ትክክል መሆናቸውን ተናግራ፣ «በሦስት ዓመት» የሚለውን ከጽሑፏ አውጥታ «በሁለቱ ጥናቶች መካከል» እንደምትለው ገለጸች።

ፈታኙ ተቀበሏት። አንድ ነገር ግን ጨመሩ፤ የመደራረቡ ነገር በጥናቱ ገደብ ስላይድ ላይ መጻፍ ነበረበት አሉ። እውነታቸውን ነው። ለመጨረሻው ጽሑፏ ጨመረችው።

አሁን ጥያቄ ከመቀበሌ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰሞኑን የሚያቀርብ ሰው እዚህ አለ? ስላይዱን ይዞ የመጣ? ከመሐላችሁ አንዳችሁ ኑና የስላይዶቻችሁን ርዕስ ብቻ፣ ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ጮክ ብላችሁ አንብቡልን። እኛ እንሰማለን፤ ያገኛችሁት ነገር ምን እንደሆነ ከርዕሶቹ ብቻ ለመናገር እንሞክራለን። ካልቻልን የትኛው ወደ የት መሄድ እንዳለበት አብረን እናያለን።